ኮት የሚያውቅ እጅ

በሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬ ሜትር ነው የሚላት። ስሙን ማን እንዳወጣላት አይታወቅም እንጂ ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የልብስ መለኪያው ሜትር ከአንገቷ ወርዶ አያውቅም። አንዴ ለቅሶ ቤት እንዳንጠለጠለችው ገብታ፣ ከጎኗ የተቀመጡ ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ የሳጥኑን ልክ ልትወስጂ ነው የመጣሽው?» አሏት ይባላል። እሷ ውሸት ነው ትላለች። ያየ ሰውም የለም፤ ግን ታደርገዋለች።

ልብስ ሰፊ ናት፤ ሥራውን ከጀመረች ሠላሳ አንድ ዓመቷ። ኮት ላይ የሚስተካከላት የለም። ደንበኛ ገብቶ ሰላምታውን ሳይጨርስ «እስቲ ዞር በል» ነው የምትለው። ጀርባውን ልታይ። ፊት ያስመስላል፣ ጀርባ ግን ማን ያየኛል ብሎ አያስመስልም ባይ ናት። የቱ ትከሻ ዝቅ እንደሚል፣ ማን ሸክም ሲሸከም እንደኖረ፣ ማን ጠረጴዛ ላይ ሲጎብጥ እንደዋለ ሳትለካ ትነግራችኋለች። ሜትሩ እንግዲህ ለወጉ ነው።

ባሏን ደግሞ ጋሽ ብሩሽ ይሉታል። በወጣትነቱ የሱቅ ማስታወቂያ ጸሐፊ ነበር። የፀጉር ቤቱን መቀስ፣ የጎሚስታውን ጎማ፣ የጥርስ ሐኪሙን ያን የሚያስፈራ ጥርስ የሣለው እሱ ነው። በኋላ ማስታወቂያ ሁሉ በማሽን እየታተመ ሲሰቀል ሥራው ቀዘቀዘ። ያን ጊዜ ነው አንዲት የጉዞ ወኪል ባለቤት፣ ሠራተኞቿ ማዳም የሚሏት ሴትዮ፣ የቢሮዋን ስም ሲጽፍላት ዓይታው «ለደንበኞቼ መንገድ ትሥልልኛለህ?» ያለችው። እሺ አለ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ከወኪሉ መኪና ጋር እየሄደ መንገዱን ያያል፣ ተመልሶ ይሥላል። ሥዕሉም በብሮሸር ላይ ይወጣል።

እትዬ ሜትር አንዱንም ቦታ ረግጣው አታውቅም። «አንተ ሂድና ዓይተህ ንገረኝ፤ እኔ የሰው ኮት አለብኝ» ትለዋለች። እሱም ከእያንዳንዱ ጉዞ ሲመለስ፣ እሷ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳቀረቀረች፣ ከድልድይ እስከ ዛፍ ይተርክላታል። አንዳንድ ባልና ሚስት በገንዘብ ይጨቃጨቃሉ፤ እነሱ «ድልድዩ ከዛፉ በፊት ነው ወይስ በኋላ» ብለው ነው የሚጨቃጨቁት። ደግሞ እሷ ናት የምትረታው፣ ያላየችው።

ያለፈው ዓመት መጀመሪያ ላይ የጋሽ ብሩሽ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆ ላይ ታየ፤ እሱ ሻዩ ፈልቶ ነው አለ። ቀጥሎ የሸሚዝ ቁልፍ ላይ ታየ፤ ቁልፉ ጠቦ ነው አለ። እሷ ያንን ሸሚዝ በእጇ የሰፋችው ናት፤ ቁልፉ እንዳልጠበበ ታውቃለች። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠው፤ መድኃኒቱ እንቅልፉን ጨመረለት እንጂ እጁን አላረጋለትም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ በማግስቱ የሚያስረክበው የመንገድ ሥዕል ነበረ። ስድስት ወረቀት አበላሸ። ሰባተኛውን አነሳና አስቀመጠው። ወረቀቱን ያያል፤ እሷ ደግሞ ከመኪናዋ ጀርባ እሱን ታያለች። የትከሻው አቀማመጥ ነው ልቧን የሰበረው። ቀኙ ወደ ታች ወርዷል፤ ያ ትከሻ በሃያ ስምንት ዓመት ትዳራቸው ዝቅ ብሎ አያውቅም።

ተነሳችና «ተነስልኝ እስቲ» አለችው።

«ምን ልታደርጊ?»

«ልቀመጥ ነዋ። መንገዱን ንገረኝ።»

እንዲያው ለማጽናናት ነበር፣ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብላ ትምላለች። እሱ ነገራት፤ ከከተማ ሲወጣ ሽቅብ፣ ከዚያ ሁለቴ ይጠመዘዛል፣ ከሥሩ ወንዙ፣ ወዲያ ማዶ መንደሩ። እሷ በሥዕል ብዕሩ ጨርቅ ላይ እንደምትሠራው ሠራች። ልብስ ሰፊ ጠመኔውን አንዴ ጨርቁ ላይ ካስቀመጠ፣ መስመሩ ካላለቀ አያነሳም፤ ካነሳ መስመሩ ሁለት ይሆናል፣ መቀሱም የቱን እንደሚከተል ይጠፋዋል። እሷም ሳታነሳ ከከተማው ጀምራ መንደሩ ድረስ ሄደች። መንገደኛውንም በዚያው መስመር ሣለችው፤ ፊቱን መሥራት ስለማትችል ከጀርባው። ኮት አልብሳ፣ ቦርሳ ትከሻው ላይ አድርጋ።

ጋሽ ብሩሽ ወረቀቱን ብዙ ጊዜ ዓየው። «ይሄማ ይሄዳል» አለ፤ በማግስቱም ወሰደው። ማንም ምንም አላለም። ቀጣዩንም ሠራች። እንዲህ እንዲህ እያለ አሥራ አንድ ወር ሆነ፤ እሱ መንገዱን እያየ ይመጣል፣ ይናገራል፣ እሷ ትሥላለች፣ በስሙ ይወጣል። ለእሷ ይህ ውሸት አይደለም። የባሏን ሸሚዝ የሰፋሁት እኔ ነኝ ብላ በየመንገዱ ታወራለች እንዴ?

ነገሩ እንዲህ እንዳለ ቢቀር መልካም ነበር። ግን የማዳም የእህት ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ መጣች።

ልጅቷ ዲዛይነር ናት። ቀጭን፣ ፈጣን፣ አንድ ነገር ሳይገባት የማታልፍ። ማዳም የድርጅቱን መልክ አስተካክይልኝ ብላት ስትመረምረው፣ መልክ የሚባል ነገር እንደሌለው ደረሰችበት። ብሮሸሩ ላይ ያልነበረ ነገር የለም፤ ደንበኞች በስልካቸው ያነሱት አውራ ጣት የተቀሰረበት ፎቶ፣ እሳት የተለቀቀበት የሚመስል የፀሐይ መጥለቂያ፣ በዚያ ላይ ከኢንተርኔት የተገዛ የነጭ አሸዋ ዳርቻ። ወኪሉ ባሕር የሚባል ነገር ጋር ሰው ወስዶ አያውቅም። አንድ ሽማግሌ ደንበኛ ሦስት ቀን ተጉዘው ከተመለሱ በኋላ ቢሮ መጥተው፣ «ሁሉም ጥሩ ነበር፤ ባሕሩን ግን ሳናየው አለፍነው ልበል?» ብለው ጠይቀዋል። ማዳም ያን ቀን ነው በቃኝ ያለችው።

ዲዛይነሯ ደንብ አወጣች። ፎቶው ጠዋት ወይም ከአሥር ሰዓት በኋላ ባለው ለስላሳ ብርሃን ይነሳል፤ በቆመ ሰው ዓይን ከፍታ፣ ከሰማይም ከመሬትም ሳይሆን። ሰው ካለበት ሥራውን ይሠራ እንጂ ካሜራውን አይይ፤ ማስመሰል የለም። ቀለሙ በኮምፒውተር አይጋነን። ከፎቶው አንድ ሦስተኛው ባዶ ይሁን፣ ጽሑፍ ይገባበታል። የተገዛ ፎቶ ደግሞ ከእንግዲህ እርም። ፎቶው «እዚያ ያለው ይህ ነው» ይበል፣ ሥዕሉ «እንዴት እንደምትደርስ እነሆ» ይበል፤ አንዱ የሌላውን ሥራ አይንካ፣ አንዱ በሌላው ላይ አይታተም። ለሥዕሉም ሁለት ቀለም ብቻ መረጠች፣ ሁለቱንም ከፎቶዎቹ ውስጥ ቀድታ፤ የማለዳ ተራራ ሰማያዊና የመንገድ አፈር ቀይ። ገጹ ሲገለጥ ፎቶና ሥዕል የአንድ ቤት ልጆች እንዲመስሉ ነው።

የሥዕሉን መስመር ደንብ ለመጻፍ ግን ናሙና ያስፈልጋት ነበር። የጋሽ ብሩሽን የአሥራ ሁለት ዓመት ሥዕል ሁሉ፣ ሰባ አራቱን፣ ከመሳቢያ አውጥታ የቢሮው ወለል ላይ ዘረጋች። በካልሲ እየተራመደችባቸው ግማሽ ቀን ዞረች። ከዚያ አሥራ አራት መረጠችና፣ «መስመሩ አይቋረጥም፤ የድርጅታችን እጅ ይሄ ነው» አለች።

ጋሽ ብሩሽ የአሥራ አራቱን ቅጂ በፖስታ ይዞ ቤቱ ገባ። ድምፁ ሞቅ ብሎ ነበር። «ተመረጥን» አላት። «ደንብ ሆነን ልንጻፍ ነው አንቺ!»

እትዬ ሜትር እጇን ጠርጋ ፖስታውን ከፈተች። አንዱን ዓየች። የእሷ ነው። ሁለተኛውም የእሷ። አሥራ አራቱን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ካለፈው አሥራ አንድ ወር በፊት የተሣለ አንድም የለም። ያ ሁሉ በብሩሽ የተጠላለፈ ጥላ፣ ያ ሁሉ በትጋት የተሠራ ደመና፣ የአሥራ አንድ ዓመት ሥራው፣ ስድሳ ሥዕል፣ ወለል ላይ ቀርቷል።

ቀና ብላ ዓየችው። እሱ ሻይ ሊያፈላ ዞሯል። ጀርባው ምንም አይነግራትም፤ የዚህ ሰው ጀርባ አልነግርሽም ሲላት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«ደስ ይላል» አለች። ሌላ ምን ትበል?

ያን ሰሞን እህል አልዋጥላት አለ። ባሌን ከገዛ ቤቱ ያስወጣሁት እኔ ነኝ ብላ አሰበች። እጁ ቢንቀጠቀጥም ያለፈው ሥራ የእሱ ነበር፤ እሱን ማን ይወስድበታል ብላ ነበር። ወሳጇ ራሷ ሆና ተገኘች። እንግዲህ ያልተማረችው ሥራ ውስጥ ገብታ እንዲህ ማድረጓ ሲያንገበግባት፣ አንድ መላ መጣላት። ሞኝነት ነው አትበሉ፤ ወይም በሉ፣ እሷም በኋላ ብላዋለች።

ለአዲሱ ብሮሸር ስምንት ሥዕል ቀርቶ ነበር፤ ወኪሉ አዲስ የከፈተው የሐይቅ መንገድ። ጋሽ ብሩሽ እንደልማዱ ተናገረ፣ እሷ ሣለች። የሣለችው ግን እንደ ጥንቱ እሱ ነው። መስመሩን እያነሳች፣ እየቆራረጠች፣ ተራራውን በጭረት አጥልታ፣ ደመና ከምራበት። ልጅቷ ይህን ስታይ የድሮውም ያምራል ትልና ጥቂት የእሱን ትጨምራለች የሚል ተስፋ ነው። ጋሽ ብሩሽ ከጎኗ ቆሞ፣ «ጥላ ጨመርሽበት እንዴ?» አለ።

«ያምራል ብዬ።»

እሱም የቀረውን መንገድ በአጭር በአጭሩ ነገራት፤ መንገዱ ላይ ያለውን ትልቅ ዛፍም ሳይጠቅስ አለፈው።

ስምንቱም ሰኞ ዕለት ተመለሱ። ዲዛይነሯ በትሕትና ጽፋበታለች፤ «ጋሼ፣ ከደንቡ ወጥተዋል። ከአሥራ አራቱ ጎን ሲቀመጡ የሌላ ሰው ይመስላሉ።» ማዳም ግን በስልክ ትሕትናውን ትታዋለች። ብሮሸሩ ዓርብ ማተሚያ ቤት ይገባል። እስከ ዓርብ ስምንቱ በደንቡ ካልመጡ፣ የተዘጋጀ ሥዕል ከኢንተርኔት ይገዛል፤ ከእንግዲህም ሁልጊዜ እንደዚያ ይሆናል። «እወድሃለሁ፤ ግን አንድ ብሮሸር ላይ ሁለት ፊት ይዤ ሰው ፊት አልቀርብም» አለችው። የጋሽ ብሩሽ የቀረ እንጀራ እሱ ብቻ ነው። ከእንጀራውም ይልቅ ማለዳ ተነስቶ የሚሄድበት ቦታ ነው።

እትዬ ሜትር ቀን ጨለመባት። አሁንማ ስሙን ልታስመልስ ብላ ሥራውንም ልታስወጣው ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ኮት እንዲህ አበላሽታ አታውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። ዲዛይነሯ ናት፤ ከኋላዋ ፎቶ አንሺው። ፎቶ አንሺው ብዙ አይናገርም፤ ቢሮ ውስጥ ዝምታው ይሉታል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ሳንደውል መጣን» አለች ልጅቷ። «ሁለት ነገር ነው። አንደኛ ሥዕሎቹን አብረን እንያቸው። ሁለተኛ የብሮሸሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ የሠዓሊውን እጅ ላወጣ ነው፤ ሲሥል። ፎቶ እናነሳለን።»

ጋሽ ብሩሽ ቀና አለ። «የእኔን እጅ?»

«ደንቡን ያወጣው እጅ እኮ ነው።»

ዝምታው መስኮቱን ዓየ፤ ብርሃኑ ከግራ ይገባል። ጠረጴዛውን በአንድ ጎኑ ወደ መስኮቱ አስጠጋው። መብራት አላበራም፤ ደንቡ አይፈቅድም። «እንደ ሁልጊዜው ይሥሩ» አለ። «እኔ እዚህ የለሁም ይበሉ።»

ጋሽ ብሩሽ ተቀመጠ። ብዕሩን አነሳ። እትዬ ሜትር ከስፌት መኪናዋ ጀርባ ክር ያጠረባት መስላ ክር ትፈልጋለች፤ ክሩ ፊቷ ላይ ነው። ብዕሩ ወረቀቱን ነካ፣ ዘለለ፣ እንደገና ነካ። ዝምታው አንዴ አነሳ፣ የካሜራውን ጀርባ ዓየ፣ አንድ ነገር አስተካከለ፣ ደግሞ አነሳ። ከዚያ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። ብርሃኑ ለስላሳ ስለሆነ ካሜራው ቀስ ብሎ ነው የሚያነሳው፣ የሚንቀጠቀጠው እጅ ጭጋግ ሆኖ ይወጣል፤ ወረቀቱ፣ ጠረጴዛው፣ መስኮቱ ጥርት ብለው እጁ ብቻ የለም። ዝምታው ይህን አልተናገረም። «እንረፍ» ነው ያለው።

ዲዛይነሯ ይህን አላየችም፤ ስምንቱን ሥዕል ከአሥራ አራቱ አጠገብ አልጋው ላይ ዘርግታ ጎንበስ ብላለች። ለራሷ ነው የምታወራው። «ጭረቱ ልዩ ነው፤ ደመናው ልዩ ነው... ግን ሰውዬው...» ጣቷን በአንዱ መንገደኛ ላይ አደረገች። «ኮቱ ያው ነው።»

እትዬ ሜትር ክር መፈለጓን ተወች።

«እዩት፣ ጋሼ። በድሮዎቹ ስድሳ ሥዕል ውስጥ ኮት ሁሉ ጆንያ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። በአሥራ አራቱ ውስጥ ግን ጀርባው ላይ ስፌት አለ፤ ከሥር ስንጥቅ አለ፤ ሰውዬው ሲራመድ ስንጥቁ ይከፈታል። ቦርሳው የተንጠለጠለበት ትከሻ ላይ ጨርቁ ይሳባል። እነዚህ የተበላሹት ስምንቱም ውስጥ ተራራው ሁሉ ሌላ ሆኖ ኮቱ...» ቀና አለች። ከመኪናው በላይ፣ መስቀያ ላይ፣ እጅጌው ያልተገጠመ ጥቁር ኮት ጀርባውን ሰጥቷት ተንጠልጥሏል። ስፌቱ እስከ ታች፣ ስንጥቁ በነጭ ክር ለጊዜው ተይዞ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እዚህ ቤት ግን ማደርም አላስፈለገው። እትዬ ሜትር ማበላሸት እንኳ አልሆነላትም ነበር። ተራራ ልታበላሽ ትችላለች፣ ወንዝም እንዲሁ፤ ኮት ማበላሸት ግን እጇ አልታዘዘላትም።

«ልጄ» አለች ተነስታ። «ጥፋቱ የእኔ ነው። እሱ ምንም...»

«ተይው» አለ ጋሽ ብሩሽ። በቁጣ አይደለም። ብዕሩን ክዳኑን ገጥሞ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወደ ዲዛይነሯ ዞረ። «አሥራ አራቱ የእሷ ናቸው። መንገዱን እኔ ዓይቼ እነግራታለሁ፤ እጁ የእሷ ነው። እጄን እንግዲህ እሱም ዓይቶታል» አለ ወደ ዝምታው እያመለከተ።

ዲዛይነሯ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ነገሩ እስከ ታች ሲገባት ፊቷ ቀላ። «ጋሼ... ስድሳውን እኮ እኔ... አንድም አልመረጥኩም። አላወቅኩም።»

«እንኳን አላወቅሽ። አውቀሽ ቢሆን ታዝኚልኝና አራት አምስት የእኔን ትጨምሪ ነበር። ደንቡም ይበላሽ ነበር።»

ልጅቷ እዚያው ለአክስቷ ደወለች። ማዳም ስትጮህ ይሰማል፤ ከዚያ ዝም ስትል ይሰማል፤ ከዚያ ስትስቅ። «ገባኝ፣ ገባኝ። ለአሥራ አንድ ወር ሁለት ሰው ቀጥሬ አንዱን ብቻ ሰላም ስል ኖሬያለሁ ማለት ነው። እኔ የምፈልገው አንድ መስመር ነው፤ ከስንት ሰው እንደሚወጣ የእናንተ ጉዳይ ነው። የሁለቱንም ስም ጻፊ። ስምንቱ ዓርብ!»

ስልኩ ተዘጋ። ዝምታው ካሜራውን አነሳና፣ ያን ቀን ከተናገረው ሁሉ ረጅሙን ተናገረ። «እንደ ሁልጊዜው ሥሩ ብዬ ነበር። እንደ ሁልጊዜው ከሆነ ሁለታችሁም ናችሁ።»

ስለዚህ እትዬ ሜትር ተቀመጠች። ጋሽ ብሩሽ ከኋላዋ ቆመ፣ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ ብሎ። ዝምታው ከሁለቱም ጀርባ ሄደ። ዲዛይነሯ ኮቱን ከመስቀያው ልታነሳ ስትል «ይቅር፣ እንዳለ ይሁን» አላት።

«ከየት ልጀምር?» አለች እትዬ ሜትር። ስምንቱን አስቀድማ ሠርታቸው ነበር፣ አበላሽታ ግን። አሁን እንደ አዲስ ናቸው።

«ከአደባባዩ። ቀኝ ያዢ። አሁን ቁልቁለት ነው፣ ረጅም... እሱ ጋ አንድ ትልቅ ዛፍ አለ፤ ያን ዕለት አልነገርኩሽም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ካሜራው ከኋላ ጠቅ አለ። መስመሩ ወደ ዛፉ ደረሰ፣ ዞረው፣ ወደ ሐይቁ ወረደ። ጋሽ ብሩሽ ዝቅ አለና ለእሷ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ተናገረ።

«ፖስታውን የሰጠሁሽ ቀን እኮ ቆጥሬያቸው ነው የገባሁት። አሥራ አራቱም ያንቺ መሆናቸውን መንገድ ላይ ነው ያወቅኩት፣ አውቶቡስ ውስጥ። ደስ ብሎኝ ነው ሞቅ ብዬ የገባሁት፤ የሚስቴ እጅ ደንብ ሆነ ብዬ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አልከፋኝም፣ ዕድሜ ነው። የከፋኝ ያን ሳምንት ነው፤ አንቺ ለእኔ ብለሽ ማበላሸት ስትጀምሪ። ይቺ ልጅ ሳታውቅ አላዘነችልኝም። አንቺ ግን አውቀሽ አዘንሽልኝ።»

እትዬ ሜትር እንባዋ ወረቀቱ ላይ እንዳይወድቅ ፊቷን ወደ ጎን አደረገች። «ይቅር በለኝ» አለችው።

«ይቅር ብያለሁ። አሁን ሐይቁን ጨርሺ፤ ሰፊ ነው፣ እንዳታጠቢው።»